አራቱ እውነቶች ወደ ስምንቱ መንገድ እንዴት ይወስዳሉ? የቡድሃ ትምህርት አንድ ቋጠሮ ሲፈታ

ስለ ቡድሂዝም ሲነገር ሁለት ዝርዝሮች ይደጋገማሉ። አንዱ «አራቱ ክቡራን እውነቶች» ሲባል ሌላው «ስምንት ዘርፍ ያለው ክቡር መንገድ» ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚቀርቡት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ነገሮች ሆነው ነው፤ አራቱ እንደ እምነት መግለጫ፣ ስምንቱ ደግሞ እንደ ትእዛዛት። እንዲህ የተማራቸው ሰው ሁሉንም በቃሉ ሊይዛቸው ይችላል፤ አንዱን ከሌላው የሚያያይዘውን ክር ግን አያገኘውም።

በጥንቶቹ መጻሕፍት ውስጥ ስምንቱ መንገድ ራሱ አራተኛው እውነት ነው። ከስምንቱ ዘርፎች የመጀመሪያው፣ ማለትም ቀና አመለካከት፣ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ደግሞ የሚሰጠው ፍቺ «አራቱን እውነቶች ማወቅ» የሚል ነው። ስለዚህ አራቱን ተከትሎ የሄደ ሰው ስምንቱ ላይ ይደርሳል፣ በስምንቱ በር የገባም ተመልሶ አራቱን ያገኛል። ይህ መዟዟር የአዘጋጆች ስሕተት አይደለም፤ ትምህርቱ የሚሠራበት መንገድ ነው።

ቡድሂዝም ብዙ ቅርንጫፎች አሉት፤ ሁሉም ለእነዚህ ሁለት ዝርዝሮች እኩል ቦታ አይሰጡም። እዚህ የምከተለው በፓሊ ቋንቋ የተጠበቁትን፣ በስሪላንካ፣ በምያንማርና በታይላንድ ዋና መሠረት የሆኑትን መጻሕፍት ነው።

ትምህርቱ መጀመሪያ የተነገረው ለማን ነው?

በኋላ ቡድሃ የተባለው ሲዳርታ ጎታማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በሰሜን ሕንድ የኖረ ሰው ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ቤቱን ትቶ ከወጣ በኋላ ለስድስት ዓመታት ያህል በረሃብና በልዩ ልዩ ሥቃይ ሰውነቱን ሲቀጣ ቆየ። አምስት ባልንጀሮችም «ይህ ሰው እውነቱን ካገኘ ለእኛም ይነግረናል» ብለው ያገለግሉት ነበር። በመጨረሻ ግን በረሃብ የሚገኝ ነገር እንደሌለ ተረድቶ ምግብ መቅመስ ሲጀምር፣ አምስቱ «ወደ ድሎት ተመለሰ» ብለው ትተውት ሄዱ።

ዛሬ ቦድጋያ በሚባለው ስፍራ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ እውነቱን አግኝቶ ነቃ ከተባለ በኋላ ፈልጎ የሄደው እነዚህኑ ሰዎች ነው። ያገኛቸውም በቫራናሲ ከተማ አቅራቢያ፣ አሁን ሳርናት በምትባለው ቦታ፣ አጋዘኖች በሚጠበቁበት ደን ውስጥ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ላለመነሣትና በክብር ላለመቀበል ተስማምተው እንደነበር፣ ሲቀርባቸው ግን ስምምነቱን እንዳልጠበቁት ታሪኩ ይናገራል።

የመጀመሪያው ስብከት የተሰማው እንግዲህ ተራው ሕዝብ ፊት አይደለም። ሰሚዎቹ ራስን መቅጣት ብቸኛው መንገድ ነው ብለው የሚያምኑና ተናጋሪውን በልባቸው የከዱት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ንግግሩ የጀመረው እነሱን ከሚከነክናቸው ነገር ነው፤ በሥጋ ደስታ መዋጥ አንድ ጫፍ ነው፣ ራስን ማሠቃየትም ሌላ ጫፍ ነው፣ በሁለቱ መካከል ግን መንገድ አለ አላቸው። ያ መንገድ የቱ እንደሆነ ሲያስረዳም ስምንቱን ዘርፎች አንድ በአንድ ጠራቸው። አራቱን እውነቶች የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙ አንባቢ ይህን ቅደም ተከተል ልብ አይለውም። እኛ የለመድነው አራቱን አስቀድሞ ስምንቱን ማስከተል ነው፤ በስብከቱ ውስጥ ግን መንገዱ ከፊትም ከኋላም አለ። መጀመሪያ በስሙ ይጠራል፣ ከዚያ አራቱ እውነቶች ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዳሉ፣ መጨረሻ ላይ አራተኛው ሆኖ ተመልሶ ይመጣል።

የመጀመሪያው እውነት «ሕይወት ሥቃይ ናት» ማለት ነው?

በፓሊ ቃሉ «ዱክኻ» ነው (ከእኛ «ዱካ» ጋር ዝምድና የለውም)። «ሥቃይ» ብሎ መተርጎም ስሕተት ባይሆንም ያጠበዋል። ዱክኻ ሕመምንና ሐዘንን ብቻ ሳይሆን፣ ደስ የሚለን ነገር በእጃችን እያለ እንኳ እንዳይሄድብን የምንሰጋውን ስጋት፣ ሁሉ ነገር ተሟልቶም አንድ ነገር የጎደለ የሚመስለንን ስሜት ጭምር ይይዛል። ስብከቱ የሚዘረዝረውም በሚታወቁ ነገሮች ነው፤ መወለድ፣ ማርጀት፣ መሞት፣ ከማይወዱት ጋር መገናኘት፣ ከሚወዱት መለየት፣ የፈለጉትን ማጣት።

«ቡድሃ ሕይወት በሙሉ ሥቃይ ናት አለ» የሚለው የተለመደ አባባል ግን በጽሑፉ ውስጥ የለም። ደስታ እንደሌለ አልተናገረም። የተናገረው የሚለዋወጥን ነገር «የእኔ ነው፣ ይቆይልኝ» ብሎ መያዝ አያሳርፍም ነው።

ልዩነቱን ከሁሉ የሚያጠራው የሁለቱ ቀስቶች ምሳሌ ይመስለኛል። ሰው በቀስት ሲወጋ ያመዋል፤ ይህ የሥጋ ሕመም ነው። ያልሠለጠነ ሰው ግን በዚያ ላይ ያለቅሳል፣ ደረቱን ይመታል፣ ይብሰለሰላል፤ ይህም በሁለተኛ ቀስት እንደ መወጋት ነው። የሠለጠነው ሰው የሚወጋው በአንዱ ብቻ ነው። ትምህርቱ የመጀመሪያውን ቀስት እንደሚያስቀር ቃል አይገባም፤ ቡድሃ ራሱ አርጅቷል፣ ታሟል፣ ሞቷል። መንገዱ የሚሠራው በሁለተኛው ቀስት ላይ ነው።

ሁለተኛው እውነት ምኞት ሁሉ ይጥፋ ይላል?

ሁለተኛው እውነት የዱክኻን ምንጭ ይጠቁማል፤ ስሙም «ታንሃ» ነው። ጥሬ ፍቺው ጥማት ነው፤ «ምኞት» ከሚለው ይልቅ ይህ ለሐሳቡ ይቀርባል። የተጠማ ሰው ውኃ መፈለጉ አይደለም የተነቀፈው። የተነቀፈው ጨው እየላሰ ጥማቱን ለማርካት እንደሚሞክር ሰው፣ ባገኘ ቁጥር ይበልጥ የሚያስፈልገው ዓይነት ፍለጋ ነው። መጻሕፍቱ በሦስት ይከፍሉታል፤ የስሜት ህዋሳት ደስታን መጠማት፣ «ይህን ልሁን፣ እንዲህ ሆኜ ልኑር» የሚል ጥማት፣ እንዲሁም «ይህ ነገር ባልነበረ፣ እኔም ባልነበርሁ» የሚል ጥማት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ነገር ግን አንድን ነገር አጥብቆ መጥላትና እንዲጠፋ መመኘትም ጥማት ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ ሰው የሚያነሣው ጥያቄ አለ። ጥማትን ለመተው መፈለግ ራሱ ፍላጎት አይደለም? ታዲያ ፍላጎትን በፍላጎት ማጥፋት እንዴት ይቻላል? ይህን ኡናባ የሚባል ብራህማን፣ ማለትም ከካህናት ወገን የሆነ ሰው፣ በኮሳምቢ ከተማ፣ የቡድሃን የቅርብ ደቀ መዝሙር አናንዳን ጠይቆት ነበር፤ «እንዲህ ከሆነማ ማለቂያ የለውም» አለው። አናንዳም በጥያቄ መለሰለት። ወደዚህ የአትክልት ቦታ ከመምጣትህ በፊት «ልሂድ» የሚል ፍላጎት አልነበረህምን? ነበረኝ። አሁን ከደረስህ በኋላ ያ ፍላጎት አለ ወይስ በርዷል? በርዷል።

መልሱ አጭር ቢሆንም ሁለት ዓይነት ፍላጎት እንዳለ ያሳያል። አንዱ ወደ አንድ ቦታ ያደርስና ሲደርስ ያልቃል፤ ሌላው በደረሰ ቁጥር ሌላ መድረሻ ይፈጥራል። መንገዱ የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ነው፤ የሚደርቀው ሁለተኛው ነው።

ታዲያ ከሁለተኛው ወደ አራተኛው የሚያሻግረው ምንድን ነው?

ሦስተኛው እውነት ጥማቱ ሙሉ በሙሉ ሲቆም ዱክኻም ይቆማል ይላል። ይህ መቆም ኒርቫና (በፓሊ ኒባና) የሚባለው ነው። ቃሉ እሳት ከመጥፋቱ ጋር ይያያዛል፤ እንጨቱ ሲያልቅ እሳቱ እንደሚጠፋው ማለት ነው።

አራቱን እውነቶች ቀረብ ብሎ ላያቸው ሁለት ጥንዶች ናቸው። በሁለቱም ጥንድ ውስጥ ውጤቱ ይቀድማል፣ ምክንያቱ ይከተላል። ዱክኻ ውጤት ነው፣ ጥማት ምክንያቱ። መቆሙ መድረሻው ነው፣ ስምንቱ መንገድ የሚያደርሰው። መጀመሪያ የሚታየው ይነገራል፣ ከዚያ ከየት እንደመጣ። ሐኪምም የሚጀምረው «ምንህን ነው ያመመህ?» ብሎ ነው።

«የሚያደርሰው» የሚለው ቃል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መንገዱ ኒርቫናን እንደ ዕቃ ሠርቶ አያወጣም። በንጉሥ ሚሊንዳና በመነኩሴው ናጋሴና መካከል እንደተደረገ በሚተረከው ውይይት ውስጥ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለ። ሰው በጉልበቱ ሂማላያ ተራራ ድረስ መሄድ ይችላል፤ ተራራውን ግን ወደዚህ ሊያመጣው አይችልም። እንዲሁ መንገዱ ወደ መቆሙ ያደርሳል እንጂ መቆሙን አይፈጥረውም።

በስብከቱ ውስጥ ሌላም ነገር አለ፤ እኔ የነገሩ ሁሉ መክፈቻ የምለው ይህን ነው። ለእያንዳንዱ እውነት አንድ ሥራ ተመድቧል። ዱክኻ ይታወቅ ዘንድ ይገባል፤ ጥማቱ ይተው ዘንድ ይገባል፤ መቆሙ በገዛ ዐይን ይታይ ዘንድ ይገባል፤ መንገዱ ደግሞ ይጎለብት ዘንድ ይገባል። አራቱን እንደ እምነት አንቀጽ ማንበብ የማያስኬደው ለዚህ ነው። «አምናለሁ» ወይም «አላምንም» የሚል መልስ አይጠብቁም፤ የሚጠብቁት ሥራ ነው። ሥራዎቹ ሲቀያየሩ ደግሞ ነገሩ ይበላሻል። ዱክኻን ከማወቅ ይልቅ ለመተው የሚሞክር ሰው ከሕመሙ ይሸሻል፤ ጥማቱን ከመተው ይልቅ ሲመረምረውና ሲያብራራው የሚኖር ሰው ደግሞ ስለ ራሱ ብዙ ያውቃል፣ ነገር ግን አይለወጥም።

ስምንቱ ዘርፎች ምን ምን ናቸው?

ከእያንዳንዱ ስም በፊት «ሳማ» የሚል ቃል አለ፤ «ትክክለኛ» ሊባል ይችላል፣ እኔ ግን «ቀና» የሚለውን መርጫለሁ፤ የተጣመመ ነገር ሲቃና ያለው ስሜት ስላለበት።

ቀና አመለካከት አራቱን እውነቶች ማወቅ ነው። ቀና ሐሳብ ከስግብግብነት፣ ከክፋትና ከጭካኔ የራቀ የልብ ዝንባሌ ነው። ቀና ንግግር ከውሸት፣ ሰውን ከሰው ከሚያጣላ ወሬ፣ ከሻካራ ቃልና ከከንቱ ልፍለፋ መቆጠብ ነው። ቀና ድርጊት ከመግደል፣ ከመስረቅና ከዝሙት መራቅ ነው። ቀና መተዳደሪያ ሌላውን በማይጎዳ ሥራ መኖር ነው፤ ለምእመናን በተነገረ አንድ ትምህርት ላይ የጦር መሣሪያ፣ የሕያዋን ፍጡራን፣ የሥጋ፣ የአስካሪ ነገርና የመርዝ ንግድ ተጠቅሰዋል። ቀና ጥረት ያልመጣውን ክፉ የልብ ሁኔታ መከላከል፣ የመጣውን መተው፣ ያልመጣውን በጎ ማምጣት፣ የመጣውን መጠበቅ ነው። ሰባተኛው በፓሊ «ሳቲ» ይባላል፤ ሥሩ ማስታወስ ከሚለው ጋር አንድ ነው፤ በእኛ «ልብ ማለት» የሚለው በጣም ይቀርበዋል፤ ሰውነትን፣ ስሜትን፣ የልቦናን ሁኔታና በእሱ ውስጥ የሚመላለሰውን ልብ ማለት ነው። ስምንተኛው ቀና ተመስጦ የተሰበሰበና የጸና ልቦና ነው።

እነዚህን በሦስት መመደብ የተለመደ ነው። ምደባው ዳማዲና ከተባለች መነኩሲት የመጣ ነው፤ የቀድሞ ባሏ ቪሳካ እየጠየቃት ስትመልስለት፣ ንግግር፣ ድርጊትና መተዳደሪያ በሥነ ምግባር ሥር፣ ጥረት፣ ልብ ማለትና ተመስጦ በልቦና መሰብሰብ ሥር፣ አመለካከትና ሐሳብ ደግሞ በጥበብ ሥር እንደሚገቡ ነገረችው። ቪሳካ በኋላ መልሶቿን ለቡድሃ ሲያቀርብለት፣ «እኔንም ብትጠይቀኝ እንዲሁ እመልስልህ ነበር» አለው ይባላል።

እንደ ደረጃ አንድ በአንድ የሚወጣ ነው?

አይደለም። ይህን ከዝርዝር ይልቅ በአንድ ጉዳይ ማሳየት ይቀላል። ምሳሌው የእኔ ነው።

አንዲት ሴት ለጓደኛዋ 10,000 ብር አበድራለች እንበል። «በአንድ ወር እመልሳለሁ» ተብላለች፤ ሦስት ወር ሆነ። ማታ ላይ በቴሌግራም ጻፈችላት። ሁለቱ ምልክቶች ታዩ፤ መልእክቱ ተነቧል። መልስ ግን የለም። ሌሊቱን ሙሉ የምትለውን ስታዘጋጅ አደረች፤ «ናቀችኝ፣ ሞኝ አደረገችኝ» እያለች።

ገንዘቡ አለመመለሱ የመጀመሪያው ቀስት ነው፤ እውነተኛ ችግር ነው፣ የቤት ኪራይ አለባት። ሌሊቱ ግን ሁለተኛው ቀስት ነው። ጥማቱ ያለው 10,000 ብሩን መፈለጓ ላይ አይደለም፤ «ልትንቀኝ አይገባም፣ እኔ እንዲህ የምደረግ ሰው አይደለሁም» በሚለው ውስጥ ነው። ጠዋት ላይ ልጇ ደረጃ ላይ ወድቆ ሲያለቅስ ሮጣ ታነሣዋለች፣ ጉልበቱን ታጥባለች፤ ለአሥር ደቂቃ ያህል ንዴቱ የለም። ገንዘቡ አሁንም አልተመለሰም፣ ጓደኛዋም አልመለሰችም፤ የሚያቃጥለው ነገር ግን ቆሟል። ይህ ኒርቫና አይደለም፤ ንዴቱ ከገንዘቡ ጋር የተጣበቀ እንዳልሆነ፣ ምክንያቱ ሲቆም እንደሚቆም ያየችበት ትንሽ ቀዳዳ ነው። ሦስተኛው እውነት በተግባር የሚጨበጠው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ ይህን ያላየ ሰው መንገዱን የሚጀምርበት ምክንያት የለውም።

ከዚያ ስልኳን አንሥታ የድምፅ መልእክት ልትቀዳ ጣቷን አሳረፈች። ደረቷ እንደጋለ ልብ አለች፤ ይህ ሳቲ ነው። «አሁን የሚናገረው ብሩ ነው ወይስ ሌሊት ያደረው ነገር?» ብላ ለየች፤ ይህ ቀና አመለካከት ነው። ጣቷን አንሥታ ንዴቱን ሳትመግበው ትንሽ ቆየች፤ ይህ ቀና ጥረት ነው። ልታሳፍራት ነው የምትፈልገው ወይስ ገንዘቧን ልታገኝ? ይህን መመርመር የቀና ሐሳብ ሥራ ነው። በመጨረሻ የጻፈችው እንዲህ ይላል፦ «የኔ እህት፣ በ30 የቤት ኪራይ እከፍላለሁ፤ ብሩን ከዚያ በፊት እፈልገዋለሁ። ባንድ ጊዜ ካልሆነልሽ በሁለት ጊዜ እንነጋገር።» ይህ ቀና ንግግር ነው፤ ውሸት የለበትም፣ አይሻክርም፣ ለጉዳዩ ይጠቅማል። ገንዘቧን መጠየቋን እንዳልተወች ልብ ይሏል።

ስምንቱ እንዲህ ነው የሚሠሩት። «ታላቁ አርባ» በሚባለው ስብከት ቡድሃ ራሱ ያስረዳውም ይህንኑ ነው። የተጣመመ ንግግርን የተጣመመ እንደሆነ፣ ቀናውን ቀና እንደሆነ መለየት ቀና አመለካከት ነው፤ የተጣመመውን ለመተው መድከም ቀና ጥረት ነው፤ ይህን ልብ እያሉ ማድረግ ሳቲ ነው። ሦስቱ ከአመለካከት እስከ መተዳደሪያ ባሉት ዘርፎች ዙሪያ ይሮጣሉ ይላል። አመለካከት መሪ ነው፤ ጥረትና ሳቲ ግራና ቀኝ ናቸው።

ስሕተቱም እዚሁ ጉዳይ ላይ ይታያል። ሴትዮዋ ያንኑ ጨዋ መልእክት ልካ በየአምስት ደቂቃው ስልኳን የምትከፍት ከሆነ፣ የተቃናው ቃሉ ብቻ ነው፤ ንዴቱ ተውጧል እንጂ አልተተወም። መዋጥና መተው ከውጭ ይመሳሰላሉ። የሚለዩት ከመልእክቱ በኋላ ባለው ሰዓት ነው።

ብዙ መጣጣር ወደፊት አያስኬድም?

ሶና የሚባል ሰው ነበር፤ ከሀብታም ቤት ወጥቶ የመነኮሰ። በራጃጋሃ ከተማ አጠገብ በሚገኝ ደን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ ያሰላስል ነበር፤ በጣም ከመጣሩ የተነሣ እግሩ ደማ፣ የሚመላለስበት መሬትም በደም ተለወሰ። ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ተመልሶ በሀብቱ በጎ ሥራ ቢሠራ እንደሚሻል ማሰብ ጀመረ። ቡድሃም ወደ እሱ መጥቶ ቀድሞ በገና መሰል የክር መሣሪያ በመጫወት የተካነ መሆኑን አስታውሶ ጠየቀው፤ ክሮቹ ከመጠን በላይ ሲወጠሩ ድምፁ ይቃናል? አይቃናም። ሲላሉስ? አይቃናም። ጥረትም ከበዛ ልብን ያቅበጠብጣል፣ ካነሰ ያሰንፋል አለው። በገና የቃኘ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል፤ ትክክለኛው ውጥረት በመለኪያ አይነገርም፣ በጆሮ ነው የሚገኝ።

ጥረቱ በጊዜው መለዋወጥ እንዳለበት የሚያሳይ ሌላ ምሳሌም አለ፤ ይህን ምሳሌ የእረኛ ልጅ የሚያነበው ከከተሜው በተለየ ይመስለኛል። ቡድሃ ከመንቃቱ በፊት ሐሳቦቹን በሁለት ይከፍላቸው እንደነበር ይናገራል፤ በአንድ ወገን ስግብግብነት፣ ክፋትና ጭካኔ፣ በሌላው ወገን ከእነዚህ የራቁትን። ክፉውን በተመለከተ፣ ክረምቱ መውጫ ላይ ሰብሉ ጥቅጥቅ ብሎ ሳለ ከብት እንደሚጠብቅ እረኛ ነበርሁ አለ፤ ከብቶቹ ሰብል ውስጥ ገብተው እንዳያስቀጡት በበትር ይመታል፣ ይመልሳል፣ ያግዳል። በጎውን በተመለከተ ግን ሰብሉ ታጭዶ ከገባ በኋላ ያለው እረኛ ነው፤ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ከብቶቹ እነዚያ ናቸው» ብሎ ማወቅ ብቻ ይበቃዋል። በበትር የሚጠበቀው ጥረት ነው፤ ከዛፉ ሥር ሆኖ ማወቁ ሳቲ ነው። ሁለቱን ያልለየ ሰው ሜዳው ባዶ ሆኖም በትሩን እንዳነሣ ይውላል።

በዚያው ስብከት ላይ፣ ሰው ደጋግሞ ወደሚያስበው ነገር ልቡ ያዘነብላል ተብሏል። ቀና ሐሳብ ለምን ከቀና ተመስጦ በፊት እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳው ይህ ነው፤ ቀኑን በቂም ያሳለፈ ልብ ማታ ቁጭ ሲባል ወዴት እንደሚያዘነብል ይታወቃል።

ዛሬ «ማይንድፉልነስ» የሚባለው ይህ መንገድ ነው?

የመንገዱ አንድ ዘርፍ፣ ማለትም ሳቲ፣ ተወስዶ የተሠራ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ጆን ካባት ዚን በሕክምና ተቋም ውስጥ ለሥር ሰደድ ሕመምና ለጭንቀት የሚሆን ሥልጠና ጀመረ፤ ዛሬ በስልክ መተግበሪያዎች ከሚቀርበው ብዙው ከዚያ የተቀዳ ነው። ሥልጠናው ጥቅም የለውም ለማለት አይደለም። ነገር ግን በፓሊ መጻሕፍት «የተጣመመ ሳቲ» እና «የተጣመመ ተመስጦ» የሚባሉም አሉ። አልሞ ተኳሽ ሙሉ ልቡ በዒላማው ላይ ተሰብስቧል፤ ልቦናው መሰብሰቡ ብቻውን ቀና አያደርገውም። ሰባተኛውን ቀና የሚያደርገው ከመጀመሪያው፣ ከሁለተኛውና ከሌሎቹ ጋር መያያዙ ነው።

ሌላም የሚቀር ነገር አለ። በጥንቱ ትምህርት ጥማት የተነቀፈው ዛሬ ስለሚያሠቃይ ብቻ አይደለም፤ ዳግም መወለድን ያመጣል ተብሎም ነው፤ የበጎና የክፉ ሥራ ፍሬ ከሞት በኋላም እንደሚከተል መቀበል ከቀና አመለካከት ክፍሎች አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። ዘመናዊ ገለጻዎች ይህን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። አንባቢ ይቀበለው አይቀበለው የራሱ ነው፤ ትምህርቱን ለማወቅ ግን እንዳለ ማወቅ ይኖርበታል።

ማየትና መድረስ አንድ ነው?

ወደ አምስቱ ሰዎች እንመለስ። ስብከቱ ሲያልቅ ከአምስቱ አንዱ ኮንዳኛ ብቻ ገባው። የገባው ነገርም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተመዝግቧል፤ «የመነሣት ባሕርይ ያለው ነገር ሁሉ የማለፍ ባሕርይ አለው»። ቡድሃም «ኮንዳኛ በእርግጥ አወቀ!» አለ፤ ከዚያ በኋላ «አኛ ኮንዳኛ»፣ ያወቀው ኮንዳኛ ተብሎ ተጠራ። የገባው ግን አመለካከቱ ነው፤ ጥማቱ ገና ሙሉ በሙሉ አልደረቀም ነበር።

አራቱ ቀርተዋል። የመነኮሳቱ የሥርዓት መጽሐፍ ቀጥሎ የሆነውን በቀላል ቃል ይተርካል። ቡድሃ እየተቀመጠ ያስተምራቸው ነበር፤ ቫፓና ባዲያ ቀጥለው ተረዱ። ከዚያ ሦስቱ ምጽዋት ለመለመን ወደ መንደር ይወጣሉ፣ ቡድሃ ከቀሩት ሁለቱ፣ ከማሃናማና ከአሳጂ ጋር ይቆያል፤ ሦስቱ በሳህናቸው ይዘው የተመለሱትን ስድስቱም ይካፈላሉ። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም ተረዱ። አምስቱም ሙሉ በሙሉ ነጻ ወጡ የተባለው ግን ከዚያ በኋላ በተሰጠው በሌላ ስብከት ነው፤ በእሱም ሰውነትን፣ ስሜትን፣ ግንዛቤን፣ የልብ ዝንባሌንና ንቃትን አንድ በአንድ እያነሣ «ይህ የእኔ ነውን?» ብሎ ጠየቃቸው።